«ኪሎሜትሩን አላየሁትም»፦ ሕጉን አውቆ ጉዳዩን የሳተ መልስ ሲታረም

ሰኔ ነበር። ከስድስት ኪሎ ወደ አራት ኪሎ በሚወርደው መንገድ ዳር አንዲት ካፌ ውስጥ ከጋሼ ጋር ተቀምጠናል። ጠረጴዛው ላይ 41 የፈተና ወረቀቶች አሉ። ሁለታችንም የውል ሕግ ስናስተምር ቆይተናል፤ እሳቸው ከእኔ በብዙ ዓመት ይቀድማሉ። እያንዳንዱን ወረቀት ለየብቻችን አርመን ነጥባችንን እናስተያያለን። ልዩነቱ ከ2 ነጥብ ካልበለጠ አማካዩን እንወስዳለን። ከበለጠ ወረቀቱን እንደገና አብረን እናነባለን።

አንዷ ወረቀት ላይ እሳቸው ከ20 ነጥብ 15 ሰጥተዋል። እኔ 9 ሰጥቻለሁ።

ስድስት ነጥብ ትልቅ ልዩነት ነው። ተማሪዋን ከማለፍ ወደ መውደቅ ሊወስዳት ይችላል። ከሁለት አንዳችን ተሳስተናል ማለት ነው። ኋላ እንዳየነው ሁለታችንም ተሳስተን ነበር።

ጥያቄው እንዲህ ይላል። አንድ ወጣት የራይድ ሥራ ሊጀምር ቪትዝ መኪና ይገዛል። ሻጩ የክርስትና አባቱ ናቸው። አባቱ ከሞተ ጀምሮ የሚመክሩት እሳቸው ናቸው፤ የቆጠበውንም ገንዘብ እሳቸው ጋር ያስቀምጥ ነበር። ከመግዛቱ በፊት «ተጋጭቶ የሚያውቅ መኪና አልገዛም፤ ይሄ ተጋጭቶ ያውቃል?» ብሎ ጠየቃቸው። «አንድም ቀን!» አሉት። እውነቱ ግን ከሁለት ዓመት በፊት መኪናው ከፊት ተመትቶ ሻንሲው ተቃንቷል። ሻጩ ከሽያጩ በፊት ቆጣሪውን ከ186,000 ወደ 94,000 ኪሎሜትር አስመልሰዋል፤ መኪናውንም ሙሉ ቀለም አስቀብተዋል። ወጣቱ መካኒክ ይዞ መጥቶ ነበር። መካኒኩ ሞተሩን ብቻ ለአሥር ደቂቃ አይቶ «ደህና ነው» አለ። ሽያጩ የተፈጸመው በጥቅምት ነው። በመጋቢት ጋራዥ ሲገባ ነገሩ ሁሉ ተገለጠ። በሰኔ ክስ ቀረበ። ወጣቱ ለጠበቃው እንዲህ አለው፦ «እኔን የሳበኝ ቀለሙ ነው፤ አዲስ ይመስል ነበር። ኪሎሜትሩንስ አላየሁትም።» ጥያቄው ውሉ ሊፈርስ ይችላል ወይ ነው።

«ኪሎሜትሩንስ አላየሁትም» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር ሆን ተብላ የገባች ናት። ቆጣሪ ማስመለስ ለማንም ሰው የማታለል ድርጊት ይመስላል፤ ነውም። ነገር ግን የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1704 ተንኮል መኖሩን ብቻ አይጠይቅም። ተንኮሉ ባይኖር ኖሮ ሌላው ወገን ውሉን አይገባም ነበር ወይ ብሎም ይጠይቃል። ልጁ ኪሎሜትሩን ካላየው ቆጣሪው ውሉን እንዴት አስገባው? መልሱ እዚህ ላይ መቆም፣ ማሰብና መከራከር አለበት።

ሌላም ወጥመድ አለ። ሕጉ ተንኮልንና ተራ ውሸትን አንድ አያደርጋቸውም። ተንኮል ሲባል ለማታለል የተሠራ ነገር ይፈለጋል። በአፍ ብቻ የተነገረ ሐሰት ውሉን ሊያፈርስ የሚችለው በአንቀጽ 1705 በኩል ነው። ለዚያም በሁለቱ ሰዎች መካከል ልዩ እምነትና ታማኝነትን የሚጠይቅ ግንኙነት መኖር አለበት። «አንድም ቀን አልተጋጨም» የሚለው ቃል ከማያውቁት ደላላ አፍ ቢወጣ አንድ ነገር ነው። ከክርስትና አባት አፍ ሲወጣ ሌላ ነው።

ወደ ተማሪዋ ወረቀት እንምጣ። መልሱ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ እዚህ በአማርኛ መልሼ ነው የማቀርበው። አራት ገጽ ሞልታለች። ሁለት ገጽ ተኩሉ ሕግ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ ንጹህ ሕግ ነው። ውል ምን እንደሆነ፣ ለመጽናት ምን ምን እንደሚያስፈልገው፣ ፈቃድ በምን በምን እንደሚጎድል ጽፋለች። 1704ን ሁለቱንም መስፈርቶች ለይታ አስቀምጣለች። 1705ን ያለ አንዳች ስህተት ገልጻለች። እንዲፈርስ የመጠየቅ መብት ፈቃዱ የጎደለበት ወገን ብቻ እንደሆነም አልረሳችም። ከ41ዱ ወረቀቶች በሕግ አቀራረብ እሷን የሚያህል አልነበረም።

ከዚያ «በዚህ ጉዳይ» ብላ ትጀምራለች። ዋናው አንቀጿ ይህ ነው፦

«በዚህ ጉዳይ ሻጩ ቆጣሪውን በማስመለሱ የማታለል ድርጊት ፈጽሟል። ገዢውም በዚህ ተታሎ ውሉን ገብቷል። ስለዚህ የአንቀጽ 1704 መስፈርቶች ተሟልተዋል። በተጨማሪም ሻጩ የክርስትና አባት በመሆኑ ልዩ እምነት ስላለ አንቀጽ 1705ም ተፈጻሚ ይሆናል። በመሆኑም ውሉ ሊፈርስ ይገባል።»

ከዚህ በኋላ ያለው ገጽ ይህንኑ በሌላ ቃል ይደግመዋል።

የነጥብ አሰጣጣችን ለጭብጥ 3፣ ለሕግ 5፣ ሕጉን ከፍሬ ነገሩ ጋር ለማገናዘብ 10፣ ለመደምደሚያ 2 ነበር። ጋሼ ለማገናዘቡ 5 ሰጥተዋታል። እኔ 2። ለምን እንደሰጡ ስጠይቃቸው አልተቆጡም። «አየህ፣ መስፈርቶቹን አንድ በአንድ ጠርታቸዋለች። ፍሬ ነገሩንም ጠቅሳለች። ምን ቀረ?» አሉኝ።

ቅን ጥያቄ ነው። እኔም ለዓመታት በዚያው መንገድ አርሜያለሁ። አንቀጹ ሲነበብ የማገናዘብ ድምፅ አለው፤ ፍርድ ቤት «መዝገቡን ከሕጉ ጋር አገናዝበን መረመርነው» እንደሚለው ማለት ነው። «በዚህ ጉዳይ»፣ «ስለዚህ»፣ «በመሆኑም» እያለ ይፈሳል። በዚያ ላይ ሁለት ገጽ ተኩል ትክክለኛ ሕግ አንብበህ ነው የምትደርስበት። ያኔ ልብህ አስቀድሞ ተማርኳል። ታውቃለች ብለሃል። የጎደለውን ራስህ ትሞላላታለህ። ጋሼ የሰጡት ከ2 የሚበልጠው ነጥብ አብዛኛው የእሳቸው የራሳቸው እውቀት ነበር፤ ወረቀቱ ላይ አልነበረም።

እርሳስ አነሳሁና እንዲህ አደረግን። ከአንቀጿ ውስጥ የሕግ ቁጥሮችንና በሕጉ ውስጥ ያሉ ቃላትን ሁሉ ሰረዝን። «የማታለል ድርጊት» ሄደ። «ተታሎ ውሉን ገብቷል» ሄደ፤ ይህ የመስፈርቱ ግልባጭ ነው። «ልዩ እምነት» ሄደ። የቀሩት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ቆጣሪው ተመልሷል፤ ሻጩ የክርስትና አባት ናቸው።

ከዚያ ጥያቄው ውስጥ ለክርክሩ የሚጠቅሙትን ፍሬ ነገሮች ቆጠርን። ዘጠኝ ሆኑ። ቆጣሪው፣ ቀለሙ፣ «አላየሁትም» ማለቱ፣ «አንድም ቀን» የሚለው ቃል፣ «ተጋጭቶ የሚያውቅ አልገዛም» ብሎ አስቀድሞ መናገሩ፣ የክርስትና አባትነቱ፣ የተቀመጠው ገንዘብ፣ መካኒኩና ወራቱ። ከዘጠኙ ሁለቱን ይዛለች። የሚገርመው 1705ን ስትጠራ የትኛው ቃል ሐሰት እንደሆነ አንድም ቦታ አልጻፈችም። ስለ ሐሰተኛ ቃል የሚናገር አንቀጽ ጠቅሳ ቃሉን ራሱን ተወችው።

ጋሼ አሁንም ሙሉ በሙሉ አልተቀበሉኝም። «ሁለት ፍሬ ነገር በደንብ የተጠቀመ ከዘጠኝ ደርዳሪ ይሻላል» አሉ። ትክክል ናቸው። ፍሬ ነገሩን ከጥያቄው ላይ ቀድቶ መደርደርም ማገናዘብ አይደለም፤ እንዲያ ያሉ ወረቀቶችም ከ41ዱ መሃል ነበሩ። ቁጥሩ ጥርጣሬ ይጭራል እንጂ ነጥብ አይሰጥም። ነጥቡን የሚወስነው ፍሬ ነገሩ በመልሱ ውስጥ ሥራ መሥራቱ ነው።

ይህን ለማየት ጥያቄውን ገለበጥነው። ወጣቱ ኪሎሜትሩን አይቶ፣ ለመካኒኩም አሳይቶ፣ «94 ሺህ ብቻ ነው የሄደው፤ ልግዛው» ቢል ኖሮ ተማሪዋ ምን ትጽፍ ነበር? ጋሼ አንቀጿን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት። አንድም ቃል አይለወጥም። «በዚህ ተታሎ ውሉን ገብቷል» ለሁለቱም ይሆናል። ተቃራኒ የሆኑ ሁለት ፍሬ ነገሮች ለአንድ ዓረፍተ ነገር እኩል ከተስማሙት፣ ዓረፍተ ነገሩ ስለ ፍሬ ነገሩ ምንም አላለም ማለት ነው። ሻጩን በደላላ ስንቀይረው ግን «የክርስትና አባት በመሆኑ» የሚለው ይወድቃል። ስለዚህ እዚያ ላይ ትንሽም ቢሆን ሠርታለች። ለምን የክርስትና አባትነት ልዩ እምነት እንደሚፈጥር፣ ምክሩንና የተቀመጠውን ገንዘብ አንስታ ብታሳይ ኖሮ ሙሉ ነጥብ ነበር።

ጋሼ ማኪያቷቸውን ወደ ጎን ገፋ አደረጉና «ይሄስ ልክ ነው» አሉ።

እንግዲህ የማገናዘቡን 10 ነጥብ እንደገና አከፋፈልነው። ድርጊቱ የማታለል ሥራ መሆኑን ለማሳየት 2፣ ያ ድርጊት ውሉን አስገብቶታል ወይ ለሚለው 3፣ ለሐሰተኛው ቃልና ለግንኙነቱ 3፣ ለመካኒኩ 1፣ ለጊዜው 1። በዚህ ሚዛን ስንመዝናት ለድርጊቱ 1 አገኘች። ፍሬ ነገሩን ከመስፈርቱ ጋር አያይዛለች፤ ግን ቆጣሪ ማስመለስ ለምን ከተራ ውሸት እንደሚለይ አላስረዳችም። ለሁለተኛው ዜሮ። ለግንኙነቱ 1። ለመካኒኩ ዜሮ። ገዢው የራሱን ባለሙያ ይዞ መምጣቱ በሻጩ ቃል ላይ የነበረውን እምነት ይቀንሳል ወይስ አይቀንስም? አላነሳችውም። መካኒኩ ያየው ሞተር ብቻ ስለሆነ ስለ ግጭቱ የሰማው ቃል ሳይነካ ይቀራል ብሎ መከራከር ይቻል ነበር።

ለጊዜውም ዜሮ ልንሰጥ ስንል ጋሼ ወደ ሁለተኛው ገጽ ተመለሱ። ጣታቸውን አንድ መስመር ላይ አሳረፉ። በሕጉ ዝርዝር መሃል፣ አንቀጽ 1810ን ከጠቀሰች በኋላ፣ በቅንፍ እንዲህ ብላ ነበር፦ «ገዢው ያወቀው በመጋቢት ነው፤ በሰኔ ከሷል፤ ሦስት ወር ብቻ ስለሆነ ሁለቱ ዓመት አላለፈም።»

አላየሁትም ነበር። እሳቸውም አላዩትም። አንቀጽ 1810 የሁለት ዓመቱን ጊዜ የሚያስቆጥረው የማፍረሻው ምክንያት ከተወገደበት ቀን ነው። በተታለለ ሰው ዘንድ ይህ መታለሉን ያወቀበት ቀን ነው። ብዙ ተማሪ ከሽያጩ ቀን ከጥቅምት ቆጥሯል። እሷ ከመጋቢት ቆጠረች፤ ለምን እንደሆነ አታስረዳም እንጂ ትክክለኛውን ቀን መርጣለች። ይህ ማገናዘብ ነው። ሕጉ፣ ፍሬ ነገሩና ውጤቱ በአንዲት ቅንፍ ውስጥ ተሸጉጠዋል። እኔ ግን «ይህ የሕግ ክፍል ነው» ብዬ በዓይኔ ስላለፍኩት ሳላየው ቀርቻለሁ። ክፍሉን እንጂ ዓረፍተ ነገሩን አላረምኩም። ይህ የእኔ ስህተት ነበር፤ ለሷም 1 ነጥብ አስቀርቶባት ነበር።

ማገናዘቡ 3 ሆነ። ሕጉ 5 ከ5፤ እዚያ ላይ አንዳችም አልተከራከርንም። ለጭብጥ እኔ 1 ሰጥቼ ነበር፤ ያ ንፍገት ነበር። ተንኮልንና ሐሰተኛ ቃልን ለይታ ስላየች 2 ሰጠናት። ጋሼ የሰጡት 3 ደግሞ በዛ፤ «ቆጣሪው ነው ወይስ ቃሉ ውሉን ያስገባው?» የሚለውን ዋና ጭብጥ አላየችም። ለመደምደሚያው 1። ጠቅላላ ድምር 11።

አንድ ነገር ላይ ግን ቆመን ተነጋገርን። መደምደሚያዋ ትክክል ሊሆን ይችላል። ውሉ በ1705 በኩል ይፈርሳል ብሎ መከራከር በጣም ይቻላል። እንዲያውም በ1704 በኩልም በር አለ፤ በቆጣሪው ሳይሆን በቀለሙ። ልጁን የሳበው ቀለሙ ነው። ቀለሙ የተቀባው የተቃናውን ለመሸፈን ከሆነ የማታለል ሥራው ውሉን አስገብቶታል ማለት ነው። ሻጭ መኪናውን አሳምሮ ማቅረቡ የተለመደ ነው ብሎ የሚከራከርም ይኖራል። እሷ ከትክክለኛው ደጃፍ የደረሰችው በሌላ መንገድ ነው። መደምደሚያው ስለተስማማን ብቻ መንገዱን እንዳንሸልም ተጠንቅቀናል።

በዚያው ቀን ተቃራኒውን ወረቀትም አገኘን። ጽሑፉ የተዘበራረቀ ነው። 1705ን በቁጥሩ አላስታወሰውም፤ «እርስ በርስ ለሚተማመኑ ሰዎች የተቀመጠ ሌላ አንቀጽ አለ» ብሎ ነው የጻፈው። ግን «ልጁ ኪሎሜትሩን ስላላየው ቆጣሪው አይጠቅመውም፤ ሻጩ በቀለሙ ሸፈኑት፣ በቃላቸው ደግሞ አረጋገጡለት» ብሎ ገባበት። ጋሼ መጀመሪያ 12 ሰጥተውት ነበር። እኔ 16። ያንንም አብረን አነበብነውና 16 ላይ ቆመ፦ ሕግ 3፣ ማገናዘብ 8፣ ጭብጥ 3፣ መደምደሚያ 2። ሕጉን ግን ተሳስቶ ጽፎ ቢሆን ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር። በተሳሳተ መስፈርት ላይ የተገናዘበ ፍሬ ነገር ሙሉ ነጥብ ሊያገኝ አይችልም። እሱ ቁጥሩን ረሳ እንጂ መስፈርቱን አልሳተም።

ውጤቱ በተለጠፈ በሦስተኛው ቀን ተማሪዋ መጣች። ወረቀቷን ይዛለች። «መምህር፣ የትኛው ሕግ ነው የተሳሳትኩት?» አለችኝ። «አንዱንም አልተሳሳትሽም» አልኳት። ግራ ገባት፤ ልክም ነበረች። ኅዳጉ ላይ የጻፍኩላት «ሕጉን ከፍሬ ነገሩ ጋር የበለጠ አገናዝቢ» የሚል ነበር። ይህን ማለት ለታመመ ሰው «ዳን» እንደ ማለት ነው። ምን ማድረግ እንዳለባት አይነግራትም።

ወረቀቱን ተቀብዬ ያንን ሰረዝኩት። «በዚህ ተታሎ» ከሚለው ጎን «በምን? ኪሎሜትሩን መች አየው?» ብዬ ጻፍኩ። ከ1705 ጎን «የትኛው ቃል ነው ሐሰት?» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ጥያቄውን ዘግቼ በቃል ጠየቅኳት። «ልጁ ቆጣሪውን አላየውም። ታዲያ በምን ተታለለ?»

ዝም አለች። ረጅም ዝምታ ነው።

«ካላየው... በቆጣሪው አልተታለለም። በቃላቸው ነው። ተጋጭቶ ከሆነ አልገዛም ብሏቸው ነበር እኮ!»

ስለዚህ ችግሩ ማሰብ አለመቻል አልነበረም። አንድ ሰዓት ነበራት፤ አርባ ደቂቃውን ለሕጉ ሰጥታለች። እንዲህ ያደረገችው ያለምክንያት አይደለም። የፈተናችን ትእዛዝ «አግባብነት ያላቸውን አንቀጾች በመጥቀስ አብራሩ» ይል ነበር። ያዘዝናትን ነው ያደረገችው። ነጥቡ ግን 11 ሆኖ ቀረ። ወረቀት የሚታረመው በተጻፈው ነው። በቃል የመለሰችውን ብጨምርላት ሌሎቹ 40 ተማሪዎች ያላገኙትን ዕድል ሰጠኋት ማለት ነው። ይህን ስነግራት አኮረፈች፤ አልፈርድባትም።

ከጋሼ ጋር የቀጣዩን ፈተና ትእዛዝ ለወጥነው። አሁን «የገዢው ጠበቃ ናችሁ። የሻጩ ጠበቃ የሚያነሳባችሁን ጠንካራ ፍሬ ነገር ለይታችሁ መልሱለት» ይላል። አንቀጾቹን ዝርዝር አድርገን ከጥያቄው ጋር እንሰጣለን። ሕጉን ለመገልበጥ ሰዓት የሚያባክን እንዳይኖር ነው።

ከሳምንት በኋላ ተማሪዋ ያንን አንቀጽ እንደገና ጽፋ አመጣችልኝ። ማንም አላዘዛትም። «ሻጩ ቆጣሪውን ማስመለሳቸው የማታለል ድርጊት ነው፤ ነገር ግን ገዢው ቆጣሪውን ስላላየው ይህ ድርጊት ውሉን አላስገባውም። ውሉን ያስገባው አንድም ቀን አልተጋጨም የሚለው ቃል ነው፤ ቃሉን ያመነውም ገንዘቡን ሳይቀር የሚያስቀምጥባቸው የክርስትና አባቱ ስለሆኑ ነው» ይላል። ሕጉ በሁለት መስመር ብቻ ተጠቅሷል። ከታች በእርሳስ «መካኒኩን ገና አልጨረስኩትም» ብላለች።